በረኪና ውስጥ የታሰረው ጋዝ

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ በርሊንግተን በተባለች ከተማ፣ በአንድ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ወለል ላይ አሲድ ያለበት የጽዳት ፈሳሽ ሳይታሰብ ፈሰሰ። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ሠራተኛ ያንኑ ወለል ለማጽዳት መጣና ክሎሪን ያለበትን ማጽጃ፣ ማለትም ጠንካራ በረኪና አፈሰሰበት። ወለሉ ላይ ያለው ፈሳሽ አረንጓዴ ሆነ፤ አረፋም ይደፍቅ ጀመር። ሠራተኛው ዓይኑና ትንፋሹ ሲቃጠልበት ወጣ። የምግብ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ ግን ፈሳሹን በወለል መጥረጊያ እየገፋ ከሕንፃው ለማስወጣት ሞከረ። ጋዙ እዚያው አሸነፈው፤ ሆስፒታል ከደረሰ በኋላም ሕይወቱ አለፈ። ከአሥር በላይ ሌሎች ሰዎችም ሕክምና አስፈልጓቸዋል።

እዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ሁለቱን ፈሳሾች በአንድ ባልዲ የቀላቀለ ሰው አልነበረም። ይህን አጥብቄ የማነሣው «በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ» የሚለውን ማስጠንቀቂያ ብዙዎቻችን ሰምተን፣ ማስጠንቀቂያውን ግን ባልዲ ላይ ብቻ የተጻፈ አድርገን ስለምንረዳው ነው። አንዱን ዛሬ ጠዋት አፍስሶ ሌላውን ከሰዓት የሚጨምር ሰው ቀላቀልሁ ብሎ አያስብም። ፈሳሾቹ ግን ወለሉ ላይ፣ በመጸዳጃው ሳህን ጠርዝ ሥር፣ በፍሳሽ ቱቦው ጉልበት ውስጥ በራሳቸው ይገናኛሉ።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለመረዳት በረኪና እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይበጃል። ፋብሪካው መጀመሪያ የሚያዘጋጀው ክሎሪን የተባለውን መርዛማ ጋዝ ነው። ከዚያ ጋዙን ኮስቲክ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ውስጥ ያሳልፈዋል። ኮስቲክ ሶዳ የአሲድ ተቃራኒ፣ ኃይለኛ ቤዝ ነው፤ ክሎሪኑን ይዞ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ወደተባለ በውሃ የሚሟሟ ውሕድ ይለውጠዋል። የቤት በረኪና ማለት ይህ ውሕድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከመቶ አምስት እጅ አካባቢ ይሆናል፤ ቀሪው በአብዛኛው ውሃና ጨው ነው። ውሕዱ እንዳይፈርስ ደግሞ ፋብሪካው ትንሽ ትርፍ ኮስቲክ ሶዳ ይተውበታል። በረኪና የነካ ጣት ሙልጭልጭ የሚለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቤዙ የቆዳን ቅባት ወደ ሳሙና እየለወጠው ነው።

እንግዲህ ጋዙን ውሃው ውስጥ አስሮ የያዘው ቤዙ ነው። አሲድ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርገው ያንን ቤዝ ማክሸፍ ነው። ማሰሪያው ሲፈታ የፋብሪካው ሥራ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሃይፖክሎራይቱ ፈርሶ የመጀመሪያው ክሎሪን ጋዝ ሆኖ ይወጣል። አሲዱ አዲስ መርዝ አልፈጠረም፤ ጠርሙሱ ውስጥ ታስሮ የነበረውን ለቀቀው እንጂ። ስለዚህ የአሲዱ ዓይነት መሠረታዊ ለውጥ አያመጣም። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያለበት የመጸዳጃ ሳህን ማጽጃ፣ የውሃ ድንጋይ ማስለቀቂያ፣ ዝገት ማስለቀቂያ፣ የባትሪ አሲድ፣ ሲትሪክ አሲድ፣ የሎሚ ጭማቂ፣ አቼቶ፣ ሁሉም በዚያው መንገድ ይሠራሉ። ጠንካራው አሲድ ጋዙን በቅጽበት፣ ደካማው ደግሞ በዝግታ ያስወጣዋል። «አቼቶ የሚበላ ነገር ነው፤ ምን ያመጣል?» የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው ያሳስታል። አቼቶው የሚበላ መሆኑ ከበረኪናው የሚወጣውን ጋዝ አያለዝበውም።

መጠኑን በአንድ ምሳሌ እናስላው። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ አንድ ሜትር ከሩብ፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ40 የሆነ መታጠቢያ ቤት እናስብ። ውስጡ 6 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 6,000 ሊትር አየር አለ። አንድ ሰው በሩን ዘግቶ፣ ግማሽ የውሃ ብርጭቆ የሚያህል፣ 100 ሚሊ ሊትር በረኪና የመጸዳጃው ሳህን ውስጥ ያፈስሳል። ከዚህ ውስጥ 5 ግራም ያህሉ ሃይፖክሎራይት ነው። በቂ አሲድ ካገኘ ከዚያች 5 ግራም የሚወጣው ክሎሪን 1.6 ሊትር ያህል ይሆናል። 1.6 ሊትር በ6,000 ሊትር አየር ውስጥ ሲበተን በአንድ ሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ ከ250 እጅ በላይ ክሎሪን ማለት ነው። ሁሉም እንደማይወጣ፣ ከፊሉ ውሃው ውስጥ እንደሚቀር አውቃለሁ። አንድ አሥረኛው ብቻ ይውጣ ብንል እንኳ ከ25 በላይ ይሆናል።

ይህ ቁጥር ምን ማለት ነው? ክሎሪን በሚሊዮን ከ1 እስከ 3 እጅ ሲሆን አፍንጫንና ዓይንን ይቆረቁራል። የሥራ ደኅንነት ባለሙያዎች ለሕይወት ወዲያውኑ አስጊ ብለው ያሰመሩት መስመር 10 ነው። ወደ 30 ሲደርስ የደረት ሕመም፣ የማያቋርጥ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ይመጣል። ከ40 እስከ 60 ባለው ውስጥ ሳንባ ራሱ ይጎዳል። ግማሽ ብርጭቆ በረኪና ከአንድ አሥረኛ አቅሙ ጋር ሰውን እዚህ ሰፈር ያደርሰዋል። ቁጥሩ ደግሞ ጋዙ በክፍሉ ውስጥ እኩል ቢበተን የሚኖረው ነው፤ እውነታው ከዚህ ይከፋል። ክሎሪን ከአየር ሁለት እጅ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ወደ ታች ይተኛል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 22 ቀን 1915 በቤልጂየም ኢፕር አካባቢ የጀርመን ጦር ክሎሪንን በጦር መሣሪያነት ሲለቀው፣ አረንጓዴ ቢጫው ደመና መሬት ለመሬት እየተንከባለለ ወደ ምሽጎቹ ወረደ። በመታጠቢያ ቤት ወለል ላይ የሚሆነውም መጠኑ ያነሰ እንጂ ጠባዩ ያው ነው። መጸዳጃ የሚያጸዳ ሰው ተንበርክኮ ወይም ጎንበስ ብሎ፣ ፊቱን ከሳህኑ በላይ አድርጎ ነው የሚፈትገው። ጋዙ የሚከማችበትና ሰውየው የሚተነፍስበት ቦታ አንድ ይሆናል። ወለል ላይ የሚድህ ሕፃንም እዚያው ከፍታ ላይ ነው።

ቀለሙን መጠበቅ አይገባም። አረንጓዴ ቢጫነቱ የሚታየው ጋዙ እጅግ ሲበዛ ብቻ ነው። አረፋም አስተማማኝ ምልክት አይደለም። የውሃ ድንጋይ ማስለቀቂያ ሳህኑ ላይ የተጋገረውን ነጭ ቅርፊት ሲያገኝ ብቻውንም ቢሆን አረፋ ይሠራል፤ እሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ትክክለኛው ምልክት አፍንጫና ጉሮሮ የሚነግሩን ነው። ሁልጊዜ የምናውቀው የበረኪና ሽታ በድንገት ስል ሆኖ፣ ዓይን አስለቅሶ፣ ጉሮሮን አንቆ ካሳለ አንድ ነገር ተገናኝቷል ማለት ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ሽታ «አሁን መሥራት ጀመረ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ከዚህ የከፋ ስሕተት የለም።

አሞኒያ የሚሄድበት መንገድ ሌላ ነው። አሞኒያ ራሱ ቤዝ ስለሆነ ማሰሪያውን አይፈታም፤ ከሃይፖክሎራይቱ ጋር ተዋሕዶ ክሎራሚን የተባሉ ጋዞችን ይሠራል። ክሎራሚን ወደ አፍንጫና ወደ ሳንባ ገብቶ እርጥበት ሲያገኝ እዚያው ይፈርስና የሚያቃጥሉ ንጥረ ነገሮችን ይለቃል። ጉዳቱ የሚጀምረው ጋዙ ከገባ በኋላ ነው። ሽታውን ብዙ ሰው ሳያውቀው ያውቀዋል፤ የተጨናነቀ የመዋኛ ገንዳ ሲሸት «ክሎሪን በዝቶበታል» የምንለው በአብዛኛው ክሎራሚን ነው፤ ውሃው ውስጥ ያለው ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር።

እዚህ ላይ ሽንት መነሣቱ ለቤታችን ቁም ነገር አለው። አሞኒያ ሲባል መስታወት ማጽጃው ይታወሰናል። እውነት ነው፣ ብዙ የመስታወት ማጽጃዎችና አንዳንድ የወለል ማጽጃዎች አሞኒያ አለባቸው። ነገር ግን አሞኒያ ሳይገዛም ቤት ውስጥ ይገኛል። ሽንት ውስጥ ያለው ዩሪያ ሲቆይ በባክቴሪያ እየፈረሰ አሞኒያ ይሆናል፤ ያደረ ሽንት አፍንጫን የሚወጋው ለዚህ ነው። የተጠራቀመ የሕፃን ጨርቅ የተዘፈዘፈበት ባልዲ፣ ድመት የምትጸዳዳበት አሸዋ፣ ውሃ ሳይለቀቅበት የዋለ መጸዳጃ፣ ሽንት ሲረጭበት የከረመ የወለል ጥግ፣ እነዚህ ሁሉ ላይ በረኪና በቀጥታ ማፍሰስ አሞኒያ ላይ ማፍሰስ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ መጀመሪያ በብዙ ውሃ ማጠብ፣ ቀጥሎ በሳሙና፣ እንደገና በውሃ፣ ከዚያ በኋላ የተበጠበጠ በረኪና።

ሰዎች ለምን እንደሚቀላቅሉ ሳስብ ሞኝነት ነው ብዬ ማለፍ አልችልም። ከጀርባው ያለው ስሌት ለማንም ትክክል ይመስላል፤ ይህም ጠንካራ፣ ያም ጠንካራ፣ ሁለቱ ሲደመሩ እጥፍ ይጠነክራሉ። በኬሚስትሪው ግን እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ከበረኪናው በጋዝ መልክ የሚወጣው ክሎሪን ጀርም ሊገድል፣ ቆሻሻ ሊያነጣ የነበረው ያው ክሎሪን ነው፤ ወደ ሳንባችን በገባ ቁጥር ከሳህኑ ላይ ይጎድላል። አሲዱም በቤዙ ይከሽፋል። የሚቀረው ከሁለቱም የደከመ ጨዋማ ውሃ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ሁለቱ የተፈጠሩት ለተለያየ ሥራ ነው። የመጸዳጃው ሳህን ውስጥ የተጋገረው ቡናማ ቅርፊት በአብዛኛው ከውሃ የተራረፈ ማዕድን ነው። በረኪና ያንን ቅርፊት አያሟሟውም፤ ቀለሙን ብቻ ያነጣዋል። በማግስቱ ቅርፊቱ እዚያው አለ። «በረኪናው አልሠራምና ይህንን ልጨምርበት» የሚባለውም ያን ጊዜ ነው። ቅርፊት የአሲድ ሥራ ነው፤ ጀርም የበረኪና ሥራ ነው።

ሁለቱም የሚያስፈልጉበት መጸዳጃ ካለ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እመክራለሁ። በአንዱ ቀን፣ በርና መስኮት ከፍቶ፣ የውሃ ድንጋይ ማስለቀቂያው ብቻ ይደረጋል። መለያው ላይ የተጻፈው ደቂቃ ሲሞላ በብሩሽ ተፈትጎ ውሃ ይለቀቃል። አንድ ጊዜ ውሃ መልቀቅ አይበቃም። ፈሳሹ የሚደበቅባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ፤ ውሃው በደንብ የማይደርስበት የሳህኑ ጠርዝ ሥር፣ የብሩሹ ጠጉርና ማስቀመጫው፣ እንዲሁም ሁልጊዜ ውሃ የሚቋጥረው የቱቦው ጉልበት። ስለዚህ ጠርዙን እየፈተጉ ሦስት አራት ጊዜ ውሃ መልቀቅ፣ ብሩሹንና ማስቀመጫውን ለብቻ ማጠብ ያስፈልጋል። በረኪናው ለሌላ ቀን ይቆይ። በዚህ መሐል ቤተሰቡ መጸዳጃውን ሲጠቀም የሚለቀቀው ውሃ የቀረውን ይዞት ይሄዳል። በዚያው ሰዓት ማድረግ አይቻልም ወይ የሚል ይኖራል። በደንብ ከታጠበ ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን «በደንብ» የሚለውን በዓይን ማረጋገጥ ስለማይቻል በቀን መለየቱ ይሻላል።

ይህን ቅደም ተከተል የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ሰው ነው። በርሊንግተን የሆነው ይኸው ነው፤ አንዱ ያፈሰሰውን ሌላው አላወቀም። አንድ መታጠቢያ ቤት ሁለት ሦስት ሰው በሚያጸዳበት ቤት ወይም መሥሪያ ቤት ማስለቀቂያውን ያደረገ ሰው ለቀጣዩ መንገር አለበት፤ ካልተገናኙ በወረቀት ጽፎ በሩ ላይ መለጠፍ ይችላል። ወለል ላይ የፈሰሰና ምንነቱ ያልታወቀ ፈሳሽ ካለ ደግሞ መጀመሪያ የሚነካው ንጹሕ ውሃ ብቻ ይሁን።

ዕቃዎችም ፈሳሾቹን ያገናኛሉ። በረኪና ከትልቅ ጀሪካን ወደ ትንሽ ጠርሙስ ሲገለበጥ ጠርሙሱ ቀድሞ ምን እንደነበረበት የሚያስታውስ ሰው ላይኖር ይችላል። ጥቂት ጠብታ መስታወት ማጽጃ የቀረበት መርጫ ጠርሙስ በረኪና ሲጨመርበት እጅ ውስጥ ተዘግቶ ጋዝ ይሠራል። የውሃ ጠርሙስማ ጭራሽ መታሰብ የለበትም፤ ልጅ ይጠጣዋል። በረኪና በራሱ ዕቃ ይቆይ፤ የሚበጠበጠውም ለዕለቱ የሚበቃው ብቻ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሌላ ምንም ባልነካው ባልዲ ይሁን። ሙቅ ውሃ በረኪናውን ቶሎ ያፈርሰዋል፤ ትነቱንም ያበዛዋል። የአሲድ ማጽጃዎችን ከበረኪናው ጋር በአንድ መደርደሪያ፣ በተለይ አንዱን ከሌላው በላይ አለማስቀመጥም ተገቢ ነው፤ የላይኛው ቢያፈስስ የታችኛው ላይ ነው።

መለያ ጽሑፍ ሲነበብ ፊት ለፊት ያለው የንግድ ስም ብዙ አይነግርም። አንዱ «የመጸዳጃ ማጽጃ» አሲድ ይሆናል፤ ጎኑ ያለው፣ ቅርጹም ስሙም የሚመስለው ሌላ «የመጸዳጃ ማጽጃ» በረኪና ይሆናል። ጀርባውን አዙሮ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን መፈለግ ነው፤ ሃይፖክሎራይት የሚል ካለ በረኪና ነው፤ አሲድ የሚል ቃል ወይም አሞኒያ ካለ ከእሱ ጋር አይገናኝም። መለያው የተላጠበት ዕቃ ካለ ከሁሉም ተለይቶ ይቀመጥ።

ይህ ሁሉ ተጠንቅቆም ቢገናኝስ? ሥራው አንድ ነው፤ መውጣት። ብሩሹን ጥሎ፣ ባልዲውን ትቶ፣ እስትንፋስን ይዞ መውጣት። ውሃ ልልቀቅበት፣ ፈሳሹን ልድፋው፣ ልወልውለው ማለት ሰውን እዚያው የሚያስቀር ሐሳብ ነው። ሥራ አስኪያጁን የገደለው ይህ በጎ ሐሳብ ነበር። ተራ የአፍ ጭምብል ጋዝ አያግድም፤ እርጥብ ጨርቅም ለመቆያ ፈቃድ አይደለም። ሌላ ነገር በላዩ ጨምሮ ለማርከስ መሞከርም አይገባም። ሲወጡ ሌሎችን ይዞ መውጣት፣ ወደ ምድር ቤት ወይም ወደ ዝቅተኛ ቦታ ሳይሆን ወደ ክፍት አየር መሄድ ነው። ውስጥ የወደቀ ሰው ካለና ሽታው ከበር የሚያንቅ ከሆነ፣ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ የአስቸኳይ ጊዜ እርዳታ መጥራት እንጂ ተከትሎ መግባት ሁለት ተጎጂ ያደርጋል።

ውጭ ሲደርሱ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ከመተኛት ይልቅ ትንፋሽን ያቀላል። ዓይን የሚያቃጥል ከሆነ በንጹሕ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፤ ሌንስ ያደረገ ያውጣው። ፈሳሹ የረጨው ልብስ ይውለቅ፤ ቆዳው በሳሙናና በውሃ ይታጠብ። ሳሉ ካላቆመ፣ ደረት ካጠበቀ፣ ትንፋሽ ሲር ሲር ካለ ወይም ሰውየው አስም ካለበት ወደ ሕክምና መሄድ አለበት፤ ይሻለኝ ይሆናል ብሎ ማደር የለም።

ተሽሎት የተነሣውም ቢሆን ለአንድ ቀን ዓይን አይነሣበት። ክሎሪንም ክሎራሚንም ሳንባውን ካስቆጡት በኋላ ፈሳሽ ቀስ እያለ የአየር ከረጢቶቹ ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል፤ ይህም ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ዘግይቶ ይገለጣል። ቀን «ደህና ነኝ» ያለ ሰው ሌሊት ትንፋሽ አጥሮት ሊነቃ ይችላል። በዚህ ጊዜ ወደ ሕክምና የሚሄደው ሰው የሁለቱን ማጽጃዎች ስም፣ ስንት ደቂቃ ውስጥ እንደቆየና በስንት ሰዓት እንደሆነ ቢናገር ለሐኪሙ ትልቅ ነገር ነው፤ ጠርሙሶቹን ይዞ መሄድ ሳይሆን ሌላ ሰው ክፍሉ ከተናፈሰ በኋላ መለያቸውን በስልክ ፎቶ ቢያነሣው ይበቃል።

ወደ ክፍሉ ለመመለስ መቸኮል አይገባም። መስኮቱን ከውጭ መክፈት ከተቻለ ይከፈት፤ በሩም ወደ ውጭ አየር አቅጣጫ ክፍት ይሁንና ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይ። ውስጥ የነበረው ሰው «አሁን አይሸትም» ቢል አይታመን፤ አፍንጫ ክሎሪንን ቶሎ ይለምደዋል። ውጭ አየር ላይ የቆየ ሌላ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ምንም ካልቆረቆረው፣ ጓንት አድርጎ፣ ፊቱን ከሳህኑ አርቆ፣ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ይጠበው።